አንድ ስብሰባ፣ አራት መልስ

የትምህርት ቤት አስተዳደር ፈተና ተሰጥቶ ባበቃ ቁጥር በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ጥያቄው አንድ ርዕሰ መምህር ወይም አንድ ሥራ አስኪያጅ በዕለቱ ያከናወኑትን አንድ ሥራ ይገልጽና «ይህ ከሥራ አመራር ተግባራት የትኛው ነው?» ይላል። ከሥሩም ሀ. ማቀድ፣ ለ. ማደራጀት፣ ሐ. መምራት፣ መ. መቆጣጠር ተብሎ ይደረደራል። አራቱን ቃላት የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን የለም። ትርጉማቸውንም ተነሥተን በሉ ብንባል እንደ ፊደል ገበታ እናነበንበዋለን። ይሁን እንጂ «ርዕሰ መምህሩ ዛሬ ጧት መዝገብ አዩና እንዲህ ብለው አዘዙ» የተባለ እንደሆነ የክፍሉ ግማሽ «ሐ» ብሎ፣ ግማሹ «መ» ብሎ ይወጣል። ከዚያማ ሰልፉ ያልቃል እንጂ ክርክሩ አያልቅም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚህን ክርክር ሥር ፈልጎ ለማውጣት የቀረበ ነው። በእኛ አስተያየት ሥሩ ሁለት ነው። አንደኛው ከሠልጣኞች ወገን የሚመጣ ሲሆን፣ እርሱም ተግባሩን ከመመርመር ይልቅ ጥያቄው ውስጥ ያለውን ግሥ አድኖ መልሱን በግሡ መምረጥ ነው። «ወሰነ» ካለ ማቀድ፣ «መደበ» ካለ ማደራጀት፣ «አዘዘ» ካለ መምራት፣ «ተመለከተ» ካለ መቆጣጠር የሚል ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እናያለን። ሁለተኛው ሥር ከጥያቄ አውጪዎች ወገን ነው። ሥራው ለምን እንደተሠራ ሳይገለጽ እንዲሁ ባዶ ሥራ ብቻ ተጽፎ መልስ ይጠየቅበታል። ሁለቱንም በየተራ እናያለን።

በመጀመሪያ መለያውን እናስቀምጥ። አንድን የአመራር ሥራ ለመለየት ሥራው ካለቀ በኋላ «አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የተገኘው ነገር ወዴት እንደሚኬድና በየት መንገድ እንደሚኬድ የሚገልጽ ውሳኔ ከሆነ ሥራው ማቀድ ነው። የተገኘው ነገር ማን ምን እንደሚሠራ፣ በምን ዕቃና ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ለማንስ ተጠሪ እንደሚሆን የሚያሳይ አሠላለፍ ከሆነ ማደራጀት ነው። የተገኘው ነገር በሰው ልብና አእምሮ ውስጥ ያለ ለውጥ ከሆነ፣ ማለትም ሠራተኛው ያልገባው ከገባው፣ የሰለቸው ከተነሣሣ፣ የተጣላው ከታረቀ፣ መምራት ነው። የተገኘው ነገር በታሰበውና በሆነው መካከል ያለው ልዩነት መታወቁ፣ ከዚያም መታረሙ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠር ነው። ግሡ የፈለገውን ይሁን፣ መልሱን የሚወስነው ይህ ነው።

ነገሩ ከወረቀት ወርዶ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትምህርት ቤቱ የኛ የምናብ ትምህርት ቤት ነው፤ ችግሩ ግን ለሁላችንም እንግዳ አይደለም። ቡና በሚለቀምበት አገር ያለ፣ 960 ተማሪዎች፣ በ16 ክፍል ተከፋፍለው የሚማሩበት አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ እንበል። ባለፈው ዓመት 72 ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠዋል።

ርዕሰ መምህሩ በመስከረም መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው የዓምናውን ቁጥር አዩ። ዘንድሮ የሚያቋርጡት ከ36 እንዳይበልጡ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ደግሞ ከ18 እንዳያልፉ ግብ አደረጉ። ለዚህም የሚበጀው መንገድ አንድ ተማሪ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲቀር ወዲያውኑ ከወላጅ ጋር መነጋገር ነው ብለው ወሰኑ። ይህ ማቀድ ነው። ርዕሰ መምህሩ «የዓምናውን መዝገብ ተመለከቱ» ስለተባለ ቁጥጥር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን መዝገቡን ያዩት ዓምና የተያዘ ግብ መድረስ አለመድረሱን ለመመዘን ሳይሆን የዘንድሮውን ግብ ለመቁረጥ ነው። በመጨረሻ በእጃቸው የቀረው ግብና መንገድ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ኃላፊ መምህር መደቡ። 16ቱን ክፍሎች ለሁለት ዩኒት መሪዎች ስምንት ስምንት አድርገው አከፋፈሉ። የክፍል ኃላፊው የቀሩትን ተማሪዎች ስም ዓርብ ዓርብ ለዩኒት መሪው ያቀርባል፤ ዩኒት መሪውም ርዕሰ መምህሩን ሳይጠይቅ ወላጅ ለመጥራት ሥልጣን ተሰጠው። ይህ ማደራጀት ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ግቡ አልተለወጠም፣ አዲስ ግብም አልተጨመረም። የተጨመረው ነገር ሥራው ከሰው ጋር መያያዙ ነው። ትናንት «ወላጅ ይጠራ» የሚል ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጠራው ሰው ታወቀ።

ጥቅምት ሲገባ አንዲት የክፍል ኃላፊ መምህርት ዝርዝሩን ማቅረብ አቆሙ። «ሰባ ደብተር አርሜ፣ ደግሞ የቀረ ስለቅም ልዋል? ለዚህስ ማን ያመሰግነኛል?» አሉ። ርዕሰ መምህሩ መምህርቷን ቢሮ ጠርተው ሻይ አስመጡና አነጋገሯቸው። ዓምና ከመምህርቷ ክፍል ያቋረጡት ልጆች የት እንደደረሱ አብረው አሰቡ። በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባም መምህርቷ ከዚህ ቀደም ደክመው የመለሷቸውን ሁለት ልጆች አንሥተው በሰው ፊት አመሰገኗቸው። መምህርቷ ሥራውን ቀጠሉ። ይህ መምራት ነው። አዲስ ግብ አልወጣም፤ አዲስ ምደባም አልተደረገም፤ የተለወጠው የሰው ፈቃድ ነው።

መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ የ16ቱን ክፍሎች መዝገብ ሰበሰቡ። ያቋረጡት 27 ሆነው ተገኙ። ከ18 በላይ እንዳይሆኑ ታስቦ ነበርና ዘጠኝ ተርፏል ማለት ነው። ምክንያቱን ሲመረምሩ ከ27ቱ 19ኙ የቀሩት በቡና ለቀማው ሳምንታት እንደሆነ፣ አራት ክፍሎችም የዓርቡን ዝርዝር ጨርሶ እንዳላቀረቡ ታወቀ። ስለዚህ አራቱ ክፍሎች ዝርዝሩን እንዲያቀርቡ፣ በለቀማው ለቀሩት ልጆችም የከሰዓት በኋላ ማካካሻ ትምህርት እንዲሰጥና ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ አደረጉ። ይህ መቆጣጠር ነው። መለኪያው አለ፣ እርሱም 18 ነው። የሆነው ተለክቷል፣ እርሱም 27 ነው። ልዩነቱ ከነምክንያቱ ታውቋል። ማረሚያውም ተወስዷል። እነዚህ የቁጥጥር እርከኖች ናቸው። ከእነርሱ አንዱን ብቻ የሚገልጽ ጥያቄ ቢመጣም ያው የቁጥጥር አካል ነው።

ይህን ምሳሌ በእጃችን ይዘን ሠልጣኞችን ወደሚያሳስቱት ወጥመዶች እንሻገር። ወጥመዶቹ ብዙ ቢሆኑም ደጋግመው የሚመጡት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ማረሚያውን ከሌላ ተግባር ጋር ማደባለቅ ነው። እንዲህ የሚል ጥያቄ እንውሰድ።

«ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ጧት የሥራ መቆጣጠሪያ መዝገቡን ተመልክተው ባለፈው ሳምንት በሰባተኛ ክፍል መሰጠት ከነበረባቸው 30 ክፍለ ጊዜዎች የተሰጡት 24 ብቻ መሆናቸውን አወቁ። የጎደሉት 6 ክፍለ ጊዜዎች በመጪው ቅዳሜ እንዲካካሱ አዘዙ። ይህ የትኛው ተግባር ነው?»

ከዚህ በኋላ በመኝታ ቤት የሚሰማው ይኸው ነው። «አዘዙ ይላል እኮ፣ መምራት ነው!» ይላል አንዱ። «አንተ ደግሞ፣ መጪው ቅዳሜ ሲል አልሰማህም? ወደፊት የሚሆን ነገር ዕቅድ ነው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «መዝገብ ስላዩ ቁጥጥር ነው» ይላል። የሦስተኛው መልስ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ገና ግማሽ ነው። መዝገብ ማየት ብቻውን ቁጥጥር አያደርገውም፤ በመስከረሙ ምሳሌያችን መዝገብ ታይቶ ማቀድ ሆኗልና። ቁጥጥር የሚያደርገው 24ቱ ከ30ው ጋር መነጻጸራቸው፣ ቅዳሜም የተፈለገው ያንን የ6 ጉድለት ለመሙላት መሆኑ ነው። የቅዳሜው ትእዛዝ አዲስ ግብ አይደለም፤ አሮጌውን ግብ ለመድረስ የተደረገ ማረሚያ ነው። ስለዚህ መልሱ «መ» ነው።

ታዲያ ማረሚያው መቼ ነው ወደ ማቀድ የሚሻገረው? ግቡ ራሱ ሲለወጥ ነው። ከላይ ያየናቸው ርዕሰ መምህር 27ቱን አይተው «በቡና አገር 36 አይቻልም፤ የዓመቱን ግብ 45 እናድርገው፤ የትምህርት ካላንደሩንም ከለቀማው ጋር እናስማማው» ብለው አዲስ ሐሳብ ቢያወጡ ዞረው ማቀድ ጀመሩ ማለት ነው። ግቡ ቆሞ ሥራው ወደ ግቡ ሲጎተት ቁጥጥር፣ ግቡ ሲነሣና ሌላ ሲተከል ማቀድ ብለን ብንይዘው አንስትም።

ሁለተኛው ወጥመድ የጊዜ ወጥመድ ነው። «የወደፊት ከሆነ ማቀድ፣ ያለፈ ከሆነ መቆጣጠር» የሚለው አባባል ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ያስታል። ቁጥጥር ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሥራው ሳይጀመርም፣ በመካሄድ ላይ እያለም ይደረጋል። የፈተና ዋዜማ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የታተመውን ወረቀት አስቆጥረው ለ60 ተማሪዎች 54 ብቻ ሆኖ ቢያገኙትና 6 አስጨምረው ቢያሳትሙ ፈተናው ገና ነገ ነው፤ ሥራው ግን ቁጥጥር ነው። መለኪያ 60፣ የተገኘው 54፣ ማረሚያው 6። በፈተናው ሰዓት በየክፍሉ እየዞሩ አቀማመጡ እንደ ደንቡ መሆኑን ቢያዩና የተጠጋጉትን ቢያራርቁ እርሱም ቁጥጥር ነው። ውጤቱ ተሰብስቦ ከታሰበው ጋር ሲነጻጸርም እንዲሁ። በሦስቱም ጊዜ ያለው ነገር ንጽጽር ነው። ጊዜውን ትተን ንጽጽሩን ብንፈልግ ይሻለናል።

ሦስተኛው ወጥመድ የክፍለ ጊዜ ድልድልና የጊዜ ሰሌዳ ጉዳይ ነው። በአማርኛችን ሁለቱንም «ፕሮግራም ማውጣት» እንላቸዋለን፤ ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ርዕሰ መምህሩ «የመጀመሪያው ፈተና በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የማጠቃለያው በጥር ይሆናል» ብለው ካወጡ ሥራው በየትኛው ጊዜ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ወሰኑ። ይህ ማቀድ ነው። «ሂሳብ በሰባተኛ ሀ እና ለ መምህር እገሌ፣ ሳይንስ በስምንተኛ መምህርት እገሊት፣ ቤተ ሙከራው ሰኞና ረቡዕ ለስምንተኛ» ብለው ከደለደሉ ግን ሰውን፣ ክፍልንና ዕቃን ከሥራ ጋር አገናኙ። ይህ ማደራጀት ነው። መለያው እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ሰሌዳው የሚመልሰው ጥያቄ «መቼ፣ በምን ተራ?» ከሆነ ወደ ማቀድ፣ «ማን፣ የት፣ በምን?» ከሆነ ወደ ማደራጀት ያደላል።

እዚህ ላይ የመለያውን ወሰን ሳንናገር ማለፍ አይገባም። አንድ ሰሌዳ ሁለቱንም ጥያቄዎች ሊመልስ ይችላል፤ የየዕለቱ የትምህርት ድልድል ራሱ መቼም ማንም አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥያቄው የትኛውን አጉልቶ እንደጻፈ ማየት ነው። የመምህራኑ ስምና የሥራ ጫና ከተነገረ ማደራጀት፣ የሥራዎቹ ቀንና ቅደም ተከተል ከተነገረ ማቀድ። ሁለቱም እኩል ከተነገሩ ጥፋቱ የተፈታኙ አይደለም፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

አራተኛው ወጥመድ በማደራጀትና በመምራት መካከል ያለው ነው። ሁለቱም ከሰው ጋር ስለሚሠሩ ይመሳሰላሉ። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ መምህር «ከዛሬ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት፤ መጻሕፍት የማዋስና የጠፋውን የማስከፈል ሥልጣን አለዎት፤ ተጠሪነትዎ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው» ቢሏቸው ኃላፊነትና ሥልጣን ተሰጠ፤ ይህ ማደራጀት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው መምህር «ሥራው እንዴት እንደሚጀመር ግራ ገባኝ» ብለው ሲመጡ ርዕሰ መምህሩ አብረው ሄደው የመጻሕፍቱን አመዘጋገብ ቢያሳዩ፣ «አይዞዎት፣ ይለምዱታል» ቢሏቸው መምራት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የተለወጠው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ቦታቸው ነው። በሁለተኛው ጊዜ የተለወጠው እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቀላል መፈተኛ አለው። ሰውየው ነገ በሌላ ሰው ቢተኩ የተሠራው ሥራ ይቀራል ወይስ አብሯቸው ይሄዳል? ሥልጣኑ፣ ተጠሪነቱና የሥራ መደቡ ለሚተካው ሰው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ማደራጀት ነው። መረዳቱና መነሣሣቱ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳሉ፤ ስለዚህ መምራት ነው።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። «ርዕሰ መምህሩ መምህራኑን ስብሰባ ጠሩ» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልሱ ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር መልስ የለውም። ስብሰባ መሣሪያ ነው እንጂ ተግባር አይደለም። ቢላዋ ሽንኩርትም ሥጋም እንደሚቆርጥ ሁሉ፣ ስብሰባም አራቱንም ተግባራት ይሠራል። የተጠራው የሚቀጥለውን ዓመት ግብ ተወያይቶ ለመቁረጥ ከሆነ ማቀድ ነው። ኮሚቴ ለማቋቋምና ሥራ ለመከፋፈል ከሆነ ማደራጀት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተደናገጡትን መምህራን ለማስረዳትና ለማበረታታት ከሆነ መምራት ነው። ሦስት ወር የተሠራው ከዕቅዱ ጋር እየተነጻጸረ ጉድለቱ የሚታረምበት ከሆነ መቆጣጠር ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ «ዕቅድ» የሚል ቃል ስለገባ «ሀ» ብሎ የሚከብ ሠልጣኝ አይጠፋም። ዕቅድ የሚለው ቃል በአራቱም ተግባራት ውስጥ ይገባል። ዕቅድ ይወጣል፣ ለዕቅድ ሰው ይመደባል፣ ዕቅድ ለሰው ይብራራል፣ ሥራ በዕቅድ ይለካል። የመጀመሪያው ብቻ ነው ማቀድ።

ሪፖርትም እንዲሁ ነው። በጀትም እንዲሁ ነው። የመጪውን ዓመት 200000 ብር ለየትኛው ሥራ ስንት እንደሚውል አስልቶ በጀት ማዘጋጀት ማቀድ ሲሆን፣ በመጋቢት ላይ ለጽሕፈት መሣሪያ ከተያዘው 40000 ብር 38000ው ማለቁን አይቶ ወጪውን መግታት መቆጣጠር ነው። አንድ ወረቀት ነው፤ የተሠራበት ሥራ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ ያለው ዕቃ፣ መዝገብ ይሁን፣ ስብሰባ ይሁን፣ በጀት ይሁን፣ መልሱን አይነግረንም።

አሁን ለመምህራኖቻችን በአክብሮት የምናቀርበው አስተያየት አለን። ሠልጣኙ ግሥ አዳኝ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው የሥራውን ዓላማ ካልነገረው ከግሡ በቀር የሚይዘው ነገር የለም። «ርዕሰ መምህሩ በየክፍሉ ዞሩ» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «መ» ነው ተብሎ ይታረማል። ለምን? መምህራንን ለማበረታታት ዞረው እንደሆነስ? ለሚመጣው ዓመት ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግ ለመቁጠር ዞረው እንደሆነስ? «ሐ» ያለውም «ሀ» ያለውም ሠልጣኝ ምክንያት አለው፤ ነጥቡ ግን ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሁለተኛው ጉዳት ነው። ሠልጣኙ መዞር ማለት መቆጣጠር ነው ብሎ ይማራል። ነገ ርዕሰ መምህር ሲሆን በየክፍሉ ይዞራል፣ ምን ይለካ ምን ያርም ሳያውቅ ይመለሳል፤ ተቆጣጠርኩም ብሎ በሪፖርት ይጽፋል።

መድኃኒቱ ረጅም አይደለም፤ በጥያቄው ላይ አንድ ሐረግ መጨመር ነው። «ርዕሰ መምህሩ በየክፍሉ ዞሩ» የሚለው «ርዕሰ መምህሩ በየክፍሉ እየዞሩ ትምህርቱ በዓመቱ ዕቅድ መሠረት የደረሰበትን ምዕራፍ አነጻጸሩ» ቢባል አንድ መልስ ብቻ ይኖረዋል። ጥያቄ አውጪው ጥያቄውን ከጻፈ በኋላ ሦስቱን የተሳሳቱ አማራጮች እያንዳንዳቸውን አንሥቶ «ይህን መርጦ የሚከራከረኝ ሠልጣኝ ምን ይለኛል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ ከሆነ ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። «በዋናነት» ወይም «በይበልጥ» የሚል ቃል መጨመርም ብቻውን አይረዳም፤ የትኛው ዋና እንደሆነ የሚያሳይ ፍሬ ነገር ጥያቄው ውስጥ ከሌለ ሠልጣኙ ዋናውን ከየት ያመጣል?

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የአማራጮቹ ቁጥር ነው። ተግባራቱ አራት ናቸው የሚለው አከፋፈል ከጥንት የነበረ አይደለም። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ ማቀድን፣ ማደራጀትን፣ ማዘዝን፣ ማስተባበርንና መቆጣጠርን አንሥቶ አምስት አድርጎ ነበር። ሃሮልድ ኩንዝና ሲሪል ኦዶኔል እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት መጽሐፍም አምስት ናቸው፤ ነገር ግን ማስተባበር ወጥቶ የሰው ኃይል ማሟላት ገብቷል። በኋላ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ዘንድ የጸናው የአራቱ አከፋፈል ነው።

ይህ ለፈተና ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል እንጂ። «ርዕሰ መምህሩ በጎደለው የእንግሊዝኛ መምህር ምትክ አመልካቾችን አወዳድረው ቀጠሩ» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አማራጮቹን ሳያዩ መመለስ አይገባም። «የሰው ኃይል ማሟላት» የሚል አማራጭ ካለ እርሱ ነው መልሱ። ከሌለና አራቱ ብቻ ካሉ፣ ክፍት መደብን በሰው መሙላት በአብዛኞቹ መጻሕፍት ከማደራጀት ጋር ስለሚመደብ «ለ» ይመረጣል። ማስተባበርም በአማራጭነት ሲመጣ እንዲሁ ነው። መምህራኖቻችንም በየትኛው አከፋፈል እንደሚያስተምሩ በኮርሱ መጀመሪያ ላይ ቢነግሩን፣ ሁለት መምህራን አንዱ በአራት አንዱ በአምስት አስተምረው አንድ የጋራ ፈተና ከማውጣታቸው በፊትም ቢነጋገሩበት ብዙ ንትርክ ይቀራል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ፈተና የምናሳስበው ይህ ነው። ሠልጣኞች ጥያቄውን ስናነብ በመጀመሪያ አማራጮቹን በእጃችን ሸፍነን ሥራው ሲያልቅ ምን እንደተገኘ በራሳችን አነጋገር እንመልስ። ግብ ነው? አሠላለፍ ነው? የሰው ለውጥ ነው? ንጽጽርና ማረሚያ ነው? ከዚያ በኋላ እጃችንን አንሥተን ፊደሉን እንፈልግ። ለጥያቄ አውጪዎች ደግሞ የሥራውን ዓላማ በጥያቄው ውስጥ ይጻፉልን እንላለን። ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር መልሱን ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢሰጥ በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይወጣል።